ሕግ የማያወጣ ምክር ቤት ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ሐይቅ ከተማ የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። አንዲት ተማሪዬ ‹ሕግ የሚያወጣው የተወካዮች ምክር ቤት ከሆነ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ለምን ተጨመረ? ትርፍ ወጪ አይደለም ወይ?› አለችኝ። የሌላ አገር ሴኔት ሕግ ያፀድቃል፤ የኛው አያፀድቅም። ምን ብዬ ልመልስላት?»

መልስ፦

ተማሪህ በደንብ አንብባለች። የኛ ሁለተኛ ምክር ቤት ሕግ አያወጣም፤ የወጣውንም አይመልስም። ይህ በብዙ ፌዴሬሽኖች የማይታይ ነገር ነው። ትርፍ ነው ከማለታችን በፊት ግን ሁለተኛ ምክር ቤት ከየት እንደመጣ እንይ።

ነገሩ ሁለት ምንጭ አለው። አንደኛው መኳንንት ነው። በእንግሊዝ ጌቶቹ ለብቻቸው፣ የሌላው ሕዝብ እንደራሴዎች ለብቻቸው ተቀመጡ፤ ሁለት ቤት ሆነ። እኛም አገር በ1923ቱ ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላትን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። በ1948 ሕገ መንግሥቱ ሲሻሻል የሕግ መምሪያው ምክር ቤት በሕዝብ ምርጫ ሆነ፤ መወሰኛው ግን በሹመት ቀጠለ። ያ ቤት ልጓም ነበር። ሕዝብ የመረጠው ቤት የሚያመጣውን እየያዘ እንዲያየው የተቀመጠ ነው። ክልል አልወከለም፤ እንደ ዛሬው የሚወከል ክልልም አልነበረም። ለተማሪህ ጥያቄ የሚጠቅመን ግን ሁለተኛው ምንጭ፣ ፌዴሬሽን፣ ነው።

እሱን ለማስረዳት ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ የማነሳው የአባቴን ቅሬ፣ ማለትም እድሩን፣ ነው። ከደሴ ወጣ ብሎ ያሉ ሦስት ጎጦች በአንድ ቅሬ ተጠቃለሉ። አንዱ ጎጥ 60 ቤት፣ ሁለተኛው 40፣ ሦስተኛው 15 ቤት ነበረው። ድንኳኑን፣ ብረት ድስቱን፣ አግዳሚውን አንድ ላይ አደረጉ። መዋጮ በየቤቱ፣ ድምፅም በየቤቱ ሆነ። ፍትሐዊ ይመስላል አይደል? ግን ቁጥሩን ደምረው፤ 115 ቤት ነው። 60 ቤት ያለው ጎጥ ሌላ ሰው ሳይጨምር ብቻውን ከግማሽ በላይ ነው። ድንኳኑ እዚያ እንዲቀመጥ ተወሰነ። 15 ቤት ያላቸው ክረምት ላይ ሰው ሲሞትባቸው ድንኳኑን በጭቃ ተሸክመው ወንዝ ይሻገራሉ። በሁለተኛው ዓመት «በቃን፣ የኛን ድርሻ ስጡን» አሉ።

ሽማግሌዎቹ የጨረሱት እንዲህ ነበር። ስለ መዋጮና ስለ ዕለት ተዕለት ነገር በየቤቱ ድምፅ ይሰጣል። ዕቃ መሸጥ፣ የዕቃ ማስቀመጫ መቀየርና አዲስ ጎጥ ማስገባት ግን የሦስቱም ጎጥ ዳኞች ካልተስማሙ አይሆንም። ማንም ፌዴራሊዝም አላስተማራቸውም። አንድ ላይ ሲገቡ ሁለት ነገር ሆነው እንደገቡ ገብቷቸዋል፤ እንደ ቤተሰብም፣ እንደ ጎጥም። በቤተሰብ ብቻ ከቆጠርክ ትንሹ ጎጥ ይጠፋል። በጎጥ ብቻ ከቆጠርክ 15 ቤት ከ60 እኩል ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ቆጠራ ያስፈልጋል።

አሜሪካኖች በፊላደልፊያ የተጣሉት በዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1787 ቨርጂኒያ የውክልናው መጠን በሕዝብ ብዛት ይሁን አለች። ዴላዌርን የመሰሉ ትንንሾች እምቢ አሉ። ሦስት ዓመት ቆይቶ በተደረገው ቆጠራ ቨርጂኒያ ወደ 748 ሺ፣ ዴላዌር ደግሞ 59 ሺ ሰው ነበራት። ስብሰባው ሊበተን ደርሶ ነበር። በመጨረሻ አንዱ ቤት በሕዝብ ብዛት፣ ሴኔቱ ለእያንዳንዱ ስቴት እኩል እንዲሆን ተስማሙ። ያለፈውም በ5 ለ4 ነው። የማሳቹሴትስ ልዑካን እኩል ለእኩል ስለተከፈሉ ድምፃቸው አልተቆጠረም። አንድ ስቴት ሐሳቡን ቢለውጥ ኖሮ ዛሬ ስለ ሴኔት አናወራም ነበር።

እንግዲህ አንድ ፌዴሬሽን ውስጥ ላይኛው ምክር ቤት ምን ይጨምራል ብለህ ስትጠይቅ፣ እኔ የማያቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። ሰዎቹን ማን ይልካቸዋል? ምንስ ማስቆም ይችላሉ? ስሙ ሴኔት ተባለ ፌዴሬሽን ብዙ አይነግርህም።

ከሁሉም በላይ ትምህርት የሚሰጠኝ የጀርመን ነው። የጀርመን ላይኛው ምክር ቤት ቡንደስራት ይባላል። እዚያ የሚቀመጡት ለዚያ ቤት ተብለው የተመረጡ ሰዎች አይደሉም። የክልል መንግሥታቱ ሚኒስትሮች ራሳቸው ናቸው። እኛ አገር ብናስበው የክልል ፕሬዚዳንቱና የቢሮ ኃላፊዎቹ መጥተው ተቀመጡ ማለት ነው። ጠቅላላው ድምፅ 69 ነው። ትንሹ ክልል 3፣ ትልቁ 6 ድምፅ አለው። 700 ሺ ገደማ ሰው ያላት ብሬመን 3 ድምፅ ስትሰጥ፣ ወደ 18 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ያለው ኖርድራይን ቬስትፋለን 6 ይሰጣል። እኩል አይደለም፤ በሕዝብ ብዛት ልክም አይደለም። መሀል ላይ ነው።

አንድ ጥብቅ ደንብ አለ። የአንድ ክልል ድምፅ አይከፈልም። 4 ድምፅ ካለህ አራቱም «አዎ» ወይም አራቱም «አይ» ይሆናሉ። እዚያ የሚናገረው ግለሰቡ ሳይሆን ክልሉ ነው።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 22 ቀን 2002 ይህ ደንብ ተፈተነ። የፌዴራሉ መንግሥት የስደተኞች ሕግ አቀረበ። ሕጉ የክልሎችን መሥሪያ ቤቶች የሚነካ ስለሆነ ቡንደስራት ካልተስማማ አይፀድቅም። ለማለፍ 35 ድምፅ ያስፈልጋል። ሁሉም ነገር ብራንደንቡርግ በተባለ ክልል 4 ድምፅ ላይ ተንጠለጠለ። ክልሉን ደግሞ የሚያስተዳድሩት ሁለት ፓርቲዎች በጥምረት ነበር። ስሙ ሲጠራ አንዱ ሚኒስትር «አዎ» አለ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዮርግ ሾንቦም «አይ» አለ። ሰብሳቢው ክላውስ ቮቨራይት ወደ ክልሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ወደ ማንፍሬድ ሽቶልፐ ዞሮ ጠየቀ። ሽቶልፐ «አዎ» አለ። ሰብሳቢው የክልሉን ድምፅ «አዎ» ብሎ መዘገበ። አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። ሕጉ በ35 ድምፅ አለፈ ተባለ፤ ፕሬዚዳንቱም ፈረሙበት።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የጀርመን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ሕጉን ሻረው። ክልሉ በአንድ ድምፅ አልተናገረም፤ ስለዚህ «አዎ» አላለም ሲል ወሰነ። ያ ሁሉ የፓርላማ ሥራ በአንድ ክልል ያልተስማማ ድምፅ ምክንያት ከንቱ ሆነ። አዲስ ድርድር ተጀመረ። ሕጉ ተሻሽሎ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው።

ከዚህ የምወስደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ እዚያ ያለው ቤት እውነተኛ ብሬክ አለው። የክልሎችን መሥሪያ ቤት ወይም ኪስ የሚነካ ብዙ ሕግ ያለ እነሱ ፈቃድ አያልፍም። ሲጋጩም ከሁለቱም ቤት 16 16 ሰው የተውጣጣ አስታራቂ ኮሚቴ አለ። ሁለተኛው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። በዚያ ቀን ሾንቦምና ሽቶልፐ የተለያዩት የብራንደንቡርግ ጥቅም የቱ እንደሆነ ስላልተስማሙ ብቻ አልነበረም። የተለያዩት በፓርቲያቸው መስመር ነው። ክልልን ለመወከል የተሠራ ቤት ውስጥ ፓርቲ ገብቶ ተቀመጠ። ይህን ያዝልኝ፤ ወደኛው ስንመጣ እንፈልገዋለን።

አሁን ወደ የፌዴሬሽን ምክር ቤት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 61 እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብ፣ ሕዝብ ቢያንስ አንድ ተወካይ ይኖረዋል ይላል። ከዚያ ለእያንዳንዱ 1 ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ተጨማሪ ተወካይ ይኖረዋል። እዚሁ ወሎ ባለው አስላው። አርጎባ በ1999ኙ ቆጠራ 140 ሺ ገደማ ነው። ሚሊዮን ስላልሞላ መቀመጫው 1 ነው። አማራ በዚያው ቆጠራ 20 ሚሊዮን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። አንዱ መነሻ፣ 19ኙ ደግሞ ተጨማሪ፤ በጽሑፉ ቀመር 20 ይሆናል። በሕዝብ ብዛት ልዩነቱ ከ140 እጥፍ በላይ ነው። በመቀመጫ 20 እጥፍ ነው። ትንሹ ከፍ ተደረገ እንጂ እኩል አልሆነም። የአሜሪካ ሴኔት ቢሆን 1 ለ1 ይሆን ነበር።

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። መቀመጫው የተቆጠረው በብሔረሰብ እንጂ በክልል አይደለም። አሜሪካና ጀርመን ላይ የሚወከለው መሬቱና መንግሥቱ ነው። እኛ ጋ የሚወከለው ሕዝቡ በማንነቱ ነው። ክልሉ የሚገባው በሌላ በር ነው። ተወካዮቹን የሚመርጠው የክልል ምክር ቤት ነው፤ ከፈለገም ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ ማድረግ ይችላል። በተግባር ግን ምክር ቤቶቹ ራሳቸው ይመርጣሉ። ስለዚህ አንድ ተወካይ ሁለት አደራ ይዞ ይሄዳል፤ የብሔረሰቡንም፣ የላከውን ክልልም። እንደ ክልል ብቻ ቆሞ የሚናገር ሰው ግን ቤቱ ውስጥ የለም።

ምን ማስቆም ይችላል? ተራ ሕግን በተመለከተ ምንም። ረቂቁ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ይገባል፣ ይፀድቃል፣ ፕሬዚዳንቱ ይፈርሙበታል። በመንገዱ ላይ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የለም። ሥራው አንቀጽ 62 ላይ ተዘርዝሯል፤ ሦስቱን ብቻ ላንሳ።

የመጀመሪያው ገንዘብ ነው። የፌዴራል በጀትን የሚያፀድቀው የተወካዮች ምክር ቤት ነው። ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ በምን ቀመር ይከፋፈል የሚለውን የሚወስነው ግን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። የጋራ ገቢዎችም ፌዴራሉና ክልሎቹ እንዴት እንደሚካፈሏቸው የሚወስነው እሱ ነው። አንዱ እንጀራውን ይጋግራል፣ ሌላው ይቆርሳል። ቀመሩ በግርድፉ የአንድን ክልል የወጪ ፍላጎትና ራሱ ሊሰበስብ የሚችለውን ገቢ አይቶ ክፍተቱን ይለካል። ከዚያ ድጎማው በክፍተቱ ይደለደላል። ሐይቅ ላይ ያለው ጤና ጣቢያ መድኃኒት የሚገዛበት ገንዘብ ከላይ ሲወርድ በዚያ ቀመር አልፎ ነው። ተማሪህ «ትርፍ ወጪ» ስትል ይህን አሳያት።

ሁለተኛው ለመምህራን የተመቸ ምሳሌ ነው። የቤተሰብ ሕግ በመርህ የክልል ሥልጣን ነው። ስለዚህ ደሴ ላይ የተጋቡ ባልና ሚስት የሚዳኙት በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ነው። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992፣ የሚሠራው ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው። ፌዴራሉ በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ለመላ አገሪቱ አንድ ሕግ ለማውጣት ቢፈልግ፣ መጀመሪያ የፌዴሬሽን ምክር ቤት «ይህ አንድ የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ለመፍጠር አስፈላጊ ነው» ብሎ መወሰን አለበት። በዚህች ጠባብ በር ላይ ብሬክ አለው። ቁልፉ እሱ ጋ ነው።

ሦስተኛው ሕገ መንግሥት መተርጎም ነው። በብዙ አገሮች ይህ የፍርድ ቤት ሥራ ነው። እኛ ጋ 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ አጥንቶ ያቀርባል፤ ምክር ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ይወስናል። ሐሳቡ ሕገ መንግሥቱ የብሔር ብሔረሰቦች ቃል ኪዳን ነው፤ ቃሉን የሚተረጉሙትም ቃሉን የሰጡት ናቸው የሚል ነው። እኔ ይህ ክርክር ግማሹ ያሳምነኛል። ለማንነትና ለወሰን ጥያቄ የፖለቲካ ቤት ሊሻል ይችላል፤ ድርድር ይፈልጋሉና። አንድ ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ይጋጫል ወይስ አይጋጭም ለሚለው ግን በአብዛኛው በሥልጣን ላይ ያሉ ፖለቲከኞች የተቀመጡበት ቤት ዳኛ ሲሆን ያስቸግረኛል። ይህን ለ20 ዓመት አስተምሬዋለሁ፤ አሁንም ያስቸግረኛል።

አሁን የጎደለውን እናስላ። የገጠር መሬትን እንውሰድ። የአጠቃቀሙን ሕግ የሚያወጣው ፌዴራሉ ነው። የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው። ፌዴራሉ ነገ «ሁሉም ይዞታ በሁለት ዓመት ውስጥ እንደገና ተለክቶ ይመዝገብ» የሚል አዋጅ ያወጣል እንበል። ገደል ላይ ወጥቶ የሚለካው የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ነው። ደመወዙን፣ ውሎ አበሉን፣ መኪናውን የሚከፍለው ክልሉ ነው። ጀርመን ቢሆን ረቂቁ ክልሎቹ ፊት ይቀርባል። «ሁለት ዓመት አይበቃም፣ ገንዘቡስ ከየት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የክልል ሚኒስትር እዚያው ቁጭ ብሏል። ሕጉ ሳይወጣ ይታረማል። እኛ ጋ ግን የክልሉ ድምፅ የሚሰማው ከወጣ በኋላ ነው፤ ያውም «ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል» ብሎ መከራከር ከቻለ ብቻ። አዋጁ ሕገ መንግሥታዊ ሆኖ ነገር ግን የማይሠራ ከሆነስ? የሚወስደው ቦታ የለም። ለእኔ ዋናው ጉድለት ይህ ነው። ለሚያስፈጽሙት ሰዎች ዕውቀት በር አልተተወለትም።

አንዳንዶች ታዲያ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሕግ የማገድ ሥልጣን ይሰጠው ይላሉ። ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ በሁሉም ሕግ ላይ ሳይሆን የክልልን ሥራና ገንዘብ በሚነኩት ላይ። ግን ሁለት ችግር አለ። አንዱ የጊዜ ነው። ቤቱ በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ እንዲሰበሰብ ነው ሕገ መንግሥቱ የሚያስገድደው፤ ብዙዎቹ አባላት ክልል ላይ ሌላ ሥራ አላቸው። ረቂቅ ሕግን አንቀጽ በአንቀጽ ለማየት ቋሚ ኮሚቴና ባለሙያ ይፈልጋል። ሁለተኛው ያዝልኝ ያልኩህ ነገር ነው። የክልል ምክር ቤቱንም፣ የተወካዮች ምክር ቤቱንም፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤቱንም አንድ ፓርቲ ሲይዛቸው ክርክሩ የሚያልቀው ፓርቲው ቤት ነው። ወደ አዳራሹ የሚመጣው ያለቀ ነገር ነው። ብሬኩን ብትገጥምለትም የሚረግጠው ሰው አይኖርም። በሌላ በኩል ደግሞ ፓርቲዎች በዝተው ሲከፋፈሉ እንደ ብራንደንቡርግ ድምፁ የክልሉ ይሁን የፓርቲው መለየት ያቅታል።

አንድ ላይኛው ቤት ሥራውን እየሠራ መሆኑን እንዴት ታውቃለህ ካልከኝ፣ እኔ የማየው የሕጉን ጽሑፍ ብቻ አይደለም። አንድ ክልል ማዕከሉን ከሚገዛው ከራሱ ፓርቲ ተለይቶ «አይ» ያለበት ቀን አለ ወይ? የቀረበለት ቀመር ወይም ረቂቅ ተሻሽሎ የወጣበት ጊዜ አለ ወይ? በትንሹ ወገን የተነሳ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ስንት ጊዜ ፈጀ? የሲዳማን ክልል የመሆን ጥያቄ አስታውስ። ሕዝበ ውሳኔው የተካሄደው ኅዳር 2012 ነው። ሕገ መንግሥቱ ጥያቄው ከቀረበ በአንድ ዓመት ውስጥ ይካሄድ ይላል፤ ያ ጊዜ ግን ከዚያ በፊት በሐምሌ 2011 አልፎ ነበር፤ በመካከሉም ሰው ሞቷል።

ክፍል ውስጥ ይህን ሞክር። ተማሪዎቹን በሦስት ጎጥ ክፈላቸው፤ 30፣ 20፣ 8 ይሁኑ። ሦስት ጥያቄ ስጣቸው፤ መዋጮ ስንት ይሁን፣ ድንኳኑ የት ይቀመጥ፣ አራተኛ ጎጥ ይግባ ወይስ አይግባ። በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ አንዴ በነፍስ ወከፍ፣ አንዴ በጎጥ ድምፅ ይስጡ። የትኛው ጥያቄ ላይ ውጤቱ እንደተለየ ሰሌዳ ላይ ጻፈው። ከዚያ የተወካዮች ምክር ቤትን ሥልጣን የሚዘረዝረውን አንቀጽ 55ን እና 62ን አውጥተህ፣ የትኛው ጥያቄ በየትኛው ቤት እንደተመደበ አብራችሁ ፈልጉ። ያቺ ተማሪህ ሰሌዳው ጋ ትቁም።